ደምና አየር የሚዋሰኑበት ግድግዳ

ጣሊያናዊው ማርቼሎ ማልፒጊ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1661 የእንቁራሪት ሳንባን በአጉሊ መነጽር ሲመረምር ሁለት ነገሮችን አየ። ሳንባ እስከዚያ ድረስ እንደሚታመነው ድፍን ሥጋ ሳይሆን የጥቃቅን የአየር ከረጢቶች ስብስብ ነው። ደሙም በከረጢቶቹ ግድግዳ ላይ በተዘረጉ እጅግ ቀጫጭን የደም ሥሮች ውስጥ ይጓዛል እንጂ በቀጥታ ከአየሩ ጋር አይቀላቀልም። ከዚያ ወዲህ አንድ ጥያቄ ለሦስት መቶ ዓመት ገደማ ሲያከራክር ኖረ። በአየሩና በደም ሥሩ መካከል ሌላ የሕዋስ ሽፋን አለ ወይስ የደም ሥሩ ራቁቱን ለአየር ተጋልጧል?

ክርክሩ የረዘመው ተመራማሪዎቹ ስለሰነፉ አይደለም። በብርሃን የሚሠራ ማይክሮስኮፕ ከአንድ ማይክሮሜትር አንድ አምስተኛ በታች የሆነን ነገር ለይቶ ማሳየት አይችልም። የሳንባ ግድግዳ ስስ ቦታው ደግሞ በጠቅላላው ከዚያ ብዙም አይበልጥም፤ ሽፋኑ ቢኖርም በመሣሪያው አይታይም። መልሱ የተገኘው የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ከመጣ በኋላ ነው። አሜሪካዊው ፍራንክ ሎው በ1950ዎቹ መጀመሪያ ባሳተማቸው ምስሎች እያንዳንዱ የአየር ከረጢት ከዳር እስከ ዳር ባልተቋረጠ የሕዋስ ሽፋን የተለበጠ መሆኑን አሳየ። ዛሬ ስለ ሳንባ ረቂቅ አካል የምናውቀው አብዛኛው ነገር ከዚያ ወዲህ የተጻፈ ነው።

የአየር ከረጢቱ፣ በሕክምናው አጠራር አልቪዮሉስ፣ አንድ አምስተኛ ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት አለው። በ2004 የታተመ ቆጠራ በአንድ አዋቂ ሰው ሁለት ሳንባዎች ውስጥ በአማካይ 480 ሚሊዮን ያህል እንዳሉ ገምቷል። የሁሉም የውስጥ ገጽ ቢዘረጋ 130 ካሬ ሜትር አካባቢ ይሆናል። ሥዕሎች ብዙ ጊዜ ከረጢቶቹን ለየብቻ እንደተንጠለጠሉ አድርገው ያሳያሉ፤ ይህ ያሳስታል። ከረጢቶቹ ጎን ለጎን የተጣበቁ ናቸው፤ አንዱ ግድግዳም የሁለት ጎረቤታሞች የጋራ ነው። ቀጫጭን የደም ሥሮቹ በዚህ የጋራ ግድግዳ ውስጥ አንዴ ወደዚህኛው ከረጢት፣ አንዴ ወደዚያኛው እየተጠጉ ያልፋሉ። ደሙ በሁለት በኩል አየር አለው ማለት ነው።

ግድግዳውን ከአየሩ በኩል የሚለብጡት ሁለት ዓይነት ሕዋሶች ናቸው። ዓይነት አንድ የሚባሉት በቁጥር ጥቂት ናቸው፤ ከግድግዳው ሕዋሶች ከመቶ 8 ያህሉ ብቻ። ሆኖም ከውስጥ ገጹ ከመቶ 95 ገደማውን የሚሸፍኑት እነርሱ ናቸው። ይህን የሚያደርጉት ሰውነታቸውን በመዘርጋት ነው። ኒውክለሳቸውንና አብዛኛውን የውስጥ ዕቃቸውን ወደ አንድ ጥግ ሰብስበው፣ የቀረውን አካላቸውን እጅግ ስስ አድርገው በደም ሥሮቹ ላይ ያነጥፉታል። ለዚህ መሳሳት የሚከፍሉት ዋጋ አላቸው። በቀላሉ ይጎዳሉ፤ ሲሞቱም በጎናቸው ያለው ተመሳሳያቸው ተከፍሎ አይተካቸውም።

የሚተካቸው ዓይነት ሁለት ነው። ይህ ሕዋስ ድቡልቡል ያለ፣ በከረጢቱ ማዕዘኖች ላይ ጉብ ብሎ የሚቀመጥ ነው። በቁጥር የዓይነት አንድን እጥፍ ያህል ቢሆንም የሚይዘው ቦታ ትንሽ ነው። ዓይነት አንድ ሲጎዳ ይራባል፤ ከልጆቹም ገሚሶቹ እየሳሱ ተዘርግተው ወደ ዓይነት አንድ ይለወጣሉ። በሆዱ ውስጥ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የተነባበሩ ቅንጣቶች አሉ። እነዚህ ወደ ከረጢቱ ሲፈስሱ ሰርፋክታንት የተባለውን ቅባታማ ፈሳሽ ይሰጣሉ። የከረጢቱ ውስጥ ሁልጊዜ በስስ እርጥበት የተሸፈነ ስለሆነ የውሃው የገጽ ውጥረት ከረጢቱን አጥብቦ ሊዘጋው ይታገላል። ሰርፋክታንት ይህን ውጥረት ይቀንሳል፤ በተለይ አየር ወጥቶ ከረጢቱ ሲጠብ ውጥረቱ ወደ ዜሮ ይጠጋል። ሜሪ ኤለን ኤቨሪና ጄሬ ሚድ በ1959 ያለጊዜያቸው ተወልደው በመተንፈስ ችግር የሞቱ ሕፃናት ሳንባ ይህ ነገር እንደሚጎድለው አሳዩ። ለእነዚህ ሕፃናት ዛሬ በቧንቧ የሚሰጠው መድኃኒት መነሻው ያ ግኝት ነው።

ከአየሩ በኩል ሌላም ነዋሪ አለ፤ ማክሮፌጅ። የግድግዳው አካል አይደለም፤ በላዩ እየተንቀሳቀሰ የገባውን አቧራ፣ ጥቀርሻና ጀርም ይውጣል። የቲቢ ጀርም ይህንኑ ዋጪ መኖሪያው ማድረጉ በሕክምና ታሪክ ካሉት ምፀቶች አንዱ ይመስለኛል። ከደሙ በኩል ደግሞ የደም ሥሩን ከውስጥ የሚለብጡት ኢንዶቴሊየም የሚባሉ ስስ ሕዋሶች አሉ። በሁለቱ ሽፋኖች መካከል የግድግዳውን ክሮች የሚሠሩት ፋይብሮብላስቶች ይገኛሉ።

የዚህ ግድግዳ ብልሃት ያለው በሁለቱ ወገኖቹ አለመመሳሰል ላይ ነው። የደም ሥሩ በአንድ ጎኑ ወደ አየሩ ተለጥፎ ይቀመጣል። እዚያ የዓይነት አንድ ሕዋስና የኢንዶቴሊየም መሠረተ ሽፋኖች አንድ ላይ ተዋህደዋል፤ በመካከላቸው ሌላ ምንም የለም። የሁለቱ ሕዋሶችና የተዋሃደው ሽፋን ድምር ውፍረት ከ0.2 እስከ 0.3 ማይክሮሜትር ነው፤ አንድ የደብተር ወረቀት ሦስት መቶ እጥፍ ያህል ይወፍራል። ኦክስጅን በዋናነት የሚገባው፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድም የሚወጣው በዚህ በኩል ነው። በሌላው ጎን ሁለቱ መሠረተ ሽፋኖች ይለያያሉ፤ በመካከላቸውም የኮላጅንና የኢላስቲን ክሮች፣ ፋይብሮብላስቶችና ጥቂት ፈሳሽ ይገኛሉ። ይህ ወፍራሙ ጎን ግድግዳውን ይሸከማል፤ ከደም ሥሩ የሚያመልጠውንም ፈሳሽ ይቀበላል። በሌላ አነጋገር አየር ማስተላለፍና ውሃ ማስወገድ ለሁለት የተለያዩ ጎኖች ተከፋፍለዋል።

ይህን ያህል የሳሳ ነገር ለምን አይቀደድም? ጥንካሬው ያለው በሕዋሶቹ ላይ ሳይሆን በመካከላቸው ባለው መሠረተ ሽፋን ላይ ነው። በውስጡ ዓይነት አራት የሚባለው ኮላጅን እንደ መረብ ተዘርግቷል። ጆን ዌስትና ባልደረቦቹ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በጥንቸል ሳንባ የደም ሥር ውስጥ ያለውን ግፊት እያሳደጉ መረመሩ። ግፊቱ ወደ 40 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ሲደርስ በኢንዶቴሊየሙና በአየሩ በኩል ባለው ሽፋን ላይ ስንጥቆች ይታዩ ጀመር። መሠረተ ሽፋኑ ግን ብዙ ጊዜ ሳይበጠስ ይገኝ ነበር።

ከዚህ በኋላ ያለውን በአንድ ሕመም ብንከተለው የሁሉም ክፍል ሥራ ግልጽ ይሆናል። በአገራችን ወጣቶች ላይ በብዛት ከሚታዩት የልብ ሕመሞች አንዱ ካልታከመ የጉሮሮ ሕመም ተከትሎ የሚመጣው ሩማቲክ የልብ ሕመም ነው። ብዙ ጊዜ የሚጎዳው በልብ ግራ ክፍል ባሉት ሁለት ጓዳዎች መካከል ያለውን ቫልቭ ሲሆን፣ ቫልቩ ቀስ በቀስ ይጠብባል። ከሳንባ የሚመለሰው ደም በዚህ በር ማለፍ ስለሚቸግረው ወደ ኋላ ይታቆራል፤ በሳንባው ቀጫጭን የደም ሥሮች ውስጥ ያለው ግፊትም ይጨምራል። ችግሩ የልብ ነው፤ የሚሰማው ግን በሳንባ ነው።

በጤናማ ሰው ይህ ግፊት 10 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ አካባቢ ነው። በደም ውስጥ ያለው ፕሮቲን ውሃን መልሶ የሚስብበት ኃይል ደግሞ 25 ገደማ ስለሆነ የሚያመልጠው ፈሳሽ ትንሽ ነው። ግፊቱ ሲጨምር መጀመሪያ የሚፈሰው በኢንዶቴሊየሙ መጋጠሚያዎች በኩል ወደ ወፍራሙ ጎን ነው። በአየሩ በኩል ያሉት የሕዋስ መጋጠሚያዎች ከእነዚህ በጣም የጠበቁ በመሆናቸው ከረጢቱ ወዲያው አይሞላም። በግድግዳው ውስጥ የሊምፍ ቱቦ የለም፤ ፈሳሹ ወደ ትልልቆቹ የደም ሥሮችና የአየር ቧንቧዎች ዙሪያ ተጉዞ እዚያ ካሉት የሊምፍ ቱቦዎች ጋር ይገናኛል። ስለዚህ በአጉሊ መነጽር የሚታየው የመጀመሪያ ምልክት በትልልቅ የደም ሥሮች ዙሪያ የከበበ ፈሳሽ ነው። በዚህ ደረጃ ስሱ ጎን ገና አልወፈረም፤ ሕመምተኛውም ተቀምጦ ሳለ ደህና ሊተነፍስ ይችላል።

ግፊቱ በድንገት ከ25 በላይ ከዘለለ ግን ፈሳሹ ወደ ከረጢቶቹ ይገባል። ሕመምተኛው በጀርባው ሲተኛ ከእግሩ የሚመለሰው ደም ስለሚጨምር ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ትራስ ደርድሮ ወይም ተቀምጦ ማደር ይጀምራል። ፈሳሹ ከተጠራቀመ በኋላ መልሶ የማውጣቱ ሥራ የከረጢቱ ሕዋሶች ነው። ሶዲየምን ከአየሩ በኩል እየወሰዱ ወደ ግድግዳው ይገፋሉ፤ ውሃውም ይከተላል። ይህ የሚሳካው ሽፋኑ ሳይጎዳ ከቀረ ብቻ ነው። በከባድ የሳንባ ምች ወይም ኢንፌክሽን በደም ሲሰራጭ እንደሚሆነው ዓይነት አንድ ሕዋሶች ራሳቸው ከሞቱ ነገሩ ሌላ ነው። ያኔ ከረጢቱ በፕሮቲን የበዛበት ፈሳሽ ይሞላል፤ ግድግዳውም በሐምራዊ ሮዝ ቀለም በሚታይ የፕሮቲንና የሞቱ ሕዋሶች ሽፋን ይለበጣል።

የቫልቩ መጥበብ ለዓመታት ሲዘልቅ ግድግዳው ራሱን ይለውጣል። መሠረተ ሽፋኑ ይወፍራል፤ በወፍራሙ ጎን ኮላጅን ይጨምራል፤ የሊምፍ ፍሰቱም ያድጋል። ይህ መከላከያ ነው፤ ሕመምተኛው ሌላውን ሰው በሚያጥለቀልቅ ግፊት ደረቅ ሳንባ ይዞ እንዲኖር ያስችለዋል። ክፍያው በኦክስጅን ዝውውር በኩል ይመጣል። ቀይ የደም ሕዋስ በዕረፍት ጊዜ በደም ሥሩ ውስጥ የሚቆየው ሦስት አራተኛ ሴኮንድ ያህል ነው፤ ኦክስጅን ለመሙላት ግን ከዚያ አንድ ሦስተኛው ይበቃዋል። ዳገት ሲወጣ የቆይታ ጊዜው ስለሚያጥር ያ ትርፍ ጊዜ ያልቃል። ግድግዳው የወፈረበት ሰው ተቀምጦ ምንም ሳይሰማው በእንቅስቃሴ ላይ የሚደክመው በከፊል ለዚህ ነው።

በዚህ ሁሉ መሐል ደም ሥሮቹ አልፎ አልፎ ይሰነጠቃሉ፤ ቀይ የደም ሕዋሶች ወደ ከረጢቱ ያመልጣሉ። ማክሮፌጆች ይውጧቸዋል፤ ብረታቸውም በሆዳቸው ቡናማ ሆኖ ይከማቻል። የአካል ናሙና መርማሪዎች እነዚህን የልብ ድካም ሕዋሶች ይሏቸዋል። ብረትን ሰማያዊ የሚያደርገው የፕሩሺያን ብሉ ቀለም ሲፈስባቸው ደምቀው ይታያሉ፤ ከረጢቱ ቀደም ሲል ደም እንደፈሰሰበት ይመሰክራሉ። የሕመምተኛው አክታም ደም ሊቀላቅል ይችላል።

እኛ ዘንድ ደም የቀላቀለ አክታ ሲታይ መጀመሪያ የሚታሰበው ቲቢ ነው፤ መታሰቡም ትክክል ነው። ነገር ግን ወጣቱ ተኝቶ ትንፋሽ የሚያጥረው፣ ዳገት የሚያደክመውና የአክታ ምርመራው ነጻ የሆነ ከሆነ፣ ልቡ በጥሞና ይደመጥ፤ ከተቻለም በአልትራሳውንድ ይታይ።