ከሰኞ ጀምሮ አለቃዬ ማን ነው?

ከጥቂት ዓመታት በፊት ጀነሬተርና የውሃ ፓምፕ በሚሸጥና በሚጠግን ድርጅት የሰው ኃይል ክፍል ውስጥ እሠራ ነበር። አንድ ቀን ለስልሳ ያህል ሠራተኞች የሚላክ ኢሜይል እንዳረቅ ታዘዝኩ። ነገሩ ከባድ አልመሰለኝም። ዘጠኙ ቴክኒሺያኖች ለሁለት የሽያጭ ክፍሎች ተከፋፍለው ነበር የሚሠሩት፤ ከእንግዲህ በአንድ የጥገና ክፍል ሥር ሊሆኑ ነው፤ በቃ። ርዕሱን «መዋቅራዊ ማሻሻያን ስለማሳወቅ» አልኩት። «ድርጅታችን ከጊዜው ጋር እኩል ለመራመድና ለክቡራን ደንበኞቹ ቀልጣፋ አገልግሎት ለመስጠት ሲባል» ብዬ ጀመርኩና ከግርጌው «አስተዳደሩ» ብዬ ዘጋሁት። ዓርብ ከሰዓት አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ላክሁት፤ ወደ ቤቴም ሄድኩ።

ሰኞ ጠዋት ስገባ ግቢው ውስጥ ሰው ሁለትም ሦስትም ሆኖ ቆሟል። የሒሳብ ክፍሏ ልጅ ደረጃው ላይ ጠብቃ ያዘችኝ፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ስንት ሰው ነው የሚቀነሰው?» አለችኝ። የሚቀነስ ሰው አልነበረም። ኢሜይሉን ደግሜ አነበብኩት፤ ስለ ቅነሳ አንድም ቃል የለበትም። ማንም እንደማይቀነስ የሚናገርም አንድ ቃል የለበትም። ሰዉ ባዶውን ቦታ ሁለት ቀን ሙሉ በራሱ ግምት ሲሞላው ሰንብቷል።

ጥፋቴ ከርዕሱ ይጀምራል። «መዋቅር» በእኛ አገር መሥሪያ ቤት ባዶውን የሚሄድ ቃል አይደለም። ቢፒአር የተባለው የአሠራር ለውጥ በየመንግሥት መሥሪያ ቤቱ በገባበት ጊዜ «ምደባ» ሲጠብቅ የከረመ ሰው፣ ወይም አባቱ ሲጠብቅ ያየ ልጅ፣ ቃሉን ሲሰማ ሆዱ ይባባል። ሊነገር የተፈለገው የጥገና ጥሪ ማን እንደሚቀበል ከሆነ፣ ርዕሱም መናገር ያለበት ያንኑ ነው።

ሁለተኛው ጥፋት በሰዋስው ውስጥ ተደብቋል። አማርኛችን አድራጊውን ለመሰወር እጅግ የተመቸ ነው። «ተወስኗል»፣ «እንዲደረግ ሆኗል»፣ «አቅጣጫ ተቀምጧል» እያልን ገጽ ሙሉ መጻፍ እንችላለን፣ አንድም ሰው ሳይታይ። አንባቢው ግን የሚፈልገው ያንን የጠፋ ሰው ነው። ማን ወሰነ? ቅሬታ ካለኝ ወደ ማን ልሂድ? «አስተዳደሩ» በር የሌለው ቢሮ ነው።

ሦስተኛው ሳቅ ያስቃል፤ ያኔ ግን አላስቀኝም። ለውጡ «ከ1/5 ጀምሮ» ይተገበራል ብዬ ነበር። እኔ ጥር 1 ማለቴ ነው። ከውጭ አቅራቢዎች ጋር ሲጻጻፉ የሚውሉት ባልደረቦቻችን ግን ቀኑን የሚያስቡት በፈረንጆቹ ነው፤ አንዱ ጃንዋሪ 5 አደረገው፣ ሌላው ሜይ 1 ነው ብሎ ገና ብዙ ጊዜ አለን ሲል ተረጋጋ። የሰዓቱም ነገር እንዲሁ ነው። እንግሊዝኛ ከአማርኛ በሚቀላቅል ቢሮ ውስጥ «8 ሰዓት» ብቻውን ሲጻፍ ለአንዱ ጠዋት ነው፣ ለሌላው ከምሳ በኋላ።

ከሁሉ የከፋው ግን ኢሜይሉ ውስጥ የለም። ከሁለቱ የሽያጭ ክፍሎች የአንደኛው ኃላፊ አምስት ቴክኒሺያኖች ከሥሯ እንደሚወጡ ያወቀችው ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጣ ስልኳን ስትከፍት ነው። ሥራ አስኪያጁ «ነግሬያታለሁ» ይል ነበር፤ ለካ የነገራት «አንዳንድ ነገር ልናስተካክል ነው» ብሎ ብቻ ኖሯል። ሰኞ ቢሮዬ መጥታ ቁጭ አለችና «እኔም እንደ ዘበኛው እኩል ልስማው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

በማግስቱ ሥራ አስኪያጁ ራሱ ከእሷ ጋር፣ ቀጥሎም ከዘጠኙ ቴክኒሺያኖች ጋር ቁጭ ብሎ ተነጋገረ። ቅደም ተከተሉ ይኸው ነው፦ መጀመሪያ የሚያጣው ሰው ፊት ለፊት፣ ቀጥሎ ሥራው በቀጥታ የሚነካበት፣ ከዚያ ሁሉም። ክፍተቱ ሲረዝም ደግሞ ወሬው ይቀድማል፤ ስለዚህ ሁሉም በአንድ ቀን ቢያልቅ ይመረጣል። ኢሜይሉን እንደገና የጻፍነው ከዚያ በኋላ ነው፤ የተላከውም የዚያኑ ማክሰኞ ከምሳ በፊት ነበር። እነሆ፦

«ርዕስ፦ ከሰኞ ጥር 4 ጀምሮ የጥገና ጥሪ በአንድ ጠረጴዛ በኩል ይመጣል፤ ከሥራ የሚቀነስ የለም

ውድ ባልደረቦች፣

ከሰኞ ጥር 4 (ጃንዋሪ 12) ጠዋት ሁለት ሰዓት ጀምሮ ዘጠኙም ቴክኒሺያኖች በአንድ የጥገና ክፍል ሥር ይሠራሉ። የደንበኛ ጥሪ ሁሉ መጀመሪያ በጥሪ መቀበያው ይመዘገባል፤ ሥራውን የሚያከፋፍለውም እሱ ነው። ይህን የወሰንኩት እኔ ነኝ። ዓርብ የተላከው ኢሜይል ግልጽ ስላልነበረና አንዳንዶቻችሁ ከእኔ መስማት የሚገባችሁን ከስልካችሁ ስለሰማችሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ምክንያቱ ይህ ነው። ባለፈው ወር በአንድ ቀን ሁለት ቴክኒሺያኖቻችን ሳሪስ አንድ ዳቦ ቤት በር ላይ ተገናኙ፤ ሁለቱም የተጠሩት ለአንድ ጀነሬተር ነው። ለገጣፎ ያለ አንድ ክሊኒክ ደግሞ በዚያው ቀን ባለሙያ ሲጠብቅ ሦስተኛ ቀኑ ነበር። ጥፋቱ የቴክኒሺያኖቹ አይደለም። አንዱ ሌላው የት እንዳለ የሚያውቅበት መንገድ አላበጀንላቸውም።

ደሞዝ፣ የሥራ መደብና የዓመት ፈቃድ እንዳለ ይቀጥላል። የሚለወጠው የቴክኒሺያኖች የቅርብ አለቃ ነው፤ ትርፍ ሰዓት የሚያጸድቀውም ከእንግዲህ የጥገና ክፍል ኃላፊው ነው። የሌሊትና የእሑድ ጥሪ በተራ ይሆናል፤ ተረኛ ያልሆነ ሰው ስልክ እንዲያነሳ አይጠበቅበትም።

ለዓመታት ያገለገላችኋቸው ደንበኞች በቀጥታ ለእናንተ መደወላቸው ይቀራል። ይህ ለብዙዎቻችሁ ቀላል እንዳልሆነ ነግራችሁኛል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታትም ጥሪ መቀበያው መዘግየቱ አይቀርም። የመኪና ድልድል ገና አልተወሰነም፤ እስከ ጥር 20 (ጃንዋሪ 28) አሳውቃችኋለሁ።

ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጋዘኑ ውስጥ እንገናኝ። እዚያ መምጣት ያልቻለ ሐሙስ ጠዋት ቢሮዬ ይምጣ።»

ከሥሩ የሥራ አስኪያጁ ስምና የስልክ ቁጥር ተጻፈ።

ይህ ደብዳቤ «አስደሳች» ወይም «ብሩህ» የሚል ቃል የለውም፤ ቢሆንም የሚያስፈራ ደብዳቤ አይደለም። ሥራ አስኪያጁ «በደስታ እንገልጻለን» የሚል እንዲገባ ፈልጎ ነበር፤ ተከራክሬ አስወጣሁት። ደስታው የማን ነው? አምስት ሰው ለተወሰደባት ኃላፊ ደስታ አይደለም። ለቴክኒሺያኑ ግን አንድ እውነተኛ ደስታ አለ፤ ተረኛ ባልሆነበት ሌሊት ስልኩን ዘግቶ መተኛት ይችላል። ያንን በራሱ ዓረፍተ ነገር መጻፍ ከአምስት ቅጽል ይበልጣል። በጎውን በጎ ያደረገውም ከጎኑ የሚከብደው መጻፉ ነው፤ የሚከብደውን የደበቀ ሰው ስለ በጎው ሲናገር ማን ያምነዋል?

ያልተወሰነውን መጻፍም ሥራ አስኪያጁን አስጨንቆት ነበር። «አልወሰንንም ካልን የማናውቅ አንመስልም?» አለ። መኪናው ግን ከወዲሁ የመጋዘኑ ዋና ወሬ ሆኗል። «ገና ነው» ብሎ ማቆም ወሬውን ያባብሰዋል፤ ጸጥ የሚያሰኘው መልሱ የሚሰጥበትን ቀን አብሮ መቁረጥ ነው። እርግጥ ያ ቀን ሲደርስ የግድ መልስ መስጠት አለብህ፤ መልሱ ካልደረሰም ለምን እንዳልደረሰ ያኑ ዕለት መጻፍ ነው።

የሚከብደውን የት ማስቀመጥ እንደሚገባ ያስተማረኝ የሌላ አገር ታሪክ ነው። በፈረንጆቹ ጁላይ 17 ቀን 2014 ማይክሮሶፍት እስከ 18,000 የሥራ መደብ እንደሚቀንስ አስታወቀ። ዋና ሥራ አስፈጻሚው ሳትያ ናዴላ ለሠራተኞቹ በጻፈው ደብዳቤ ቁጥሩን ገና ከመጀመሪያው አካባቢ አስቀመጠ። በዚያው ቀን ከኖኪያ የተገዛውን የስልክ ክፍል ይመራ የነበረው ስቲቨን ኢሎፕ ለራሱ ሠራተኞች ሌላ ደብዳቤ ላከ። መንገድ ላይ የተገናኘ ሰው ዓይነት ቀለል ያለ ሰላምታ ሰጥቶ ስለ ምርትና ስለ ስትራቴጂ ብዙ አንቀጽ ከተጓዘ በኋላ፣ 12,500 ያህል ሰው እንደሚቀነስ ጣል አደረገ። ጋዜጦች ለቀናት ተሳለቁበት። እንጀራው የተነካበት ሰው የስልኮቹን ስትራቴጂ በትዕግሥት ሲያነብ ቆይቶ ነው ራሱን እዚያ ታች ያገኘው። (ቅነሳ ካለ ደግሞ ነገሩ የኢሜይል አጻጻፍ ብቻ አይደለም፤ በእኛ አገር የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ያስቀመጠው ሥርዓት አለው።)

ወደ እኛው ልመለስ። ከመላኩ በፊት ረቂቁን ለሁለት ሰዎች አሳየሁ፤ ለአንድ ሾፌርና ለአንዲት የመጋዘን ሠራተኛ። «ጥሩ ነው ወይ?» ብዬ አልጠየቅኋቸውም፤ እሱን ከጠየቅህ ሰው ሁሉ «ጥሩ ነው» ይላል። ስልካቸው ላይ እንዲያነቡት ሰጥቼ ወሰድኩና «ሰኞ ጥር 4 ጠዋት ደንበኛ ቢደውል ምን ታደርጋላችሁ?» አልኳቸው። ሾፌሩ ወዲያው መለሰ። እሷ ግን «ዕቃ ለቴክኒሺያን የማወጣው በማን ፊርማ ነው?» አለችኝ። ማንም አላሰበበትም ነበር፤ ረቂቁ ውስጥ ስላልነበረ በስብሰባው ላይ እንዲነገር ሆነ። ይኸው፣ እኔም «እንዲነገር ሆነ» አልኩ። የተናገረው ሥራ አስኪያጁ ነው።

ቴክኒሺያኖቹ ቀኑን ሙሉ መንገድ ላይ ስለሆኑ የኮምፒውተር ኢሜይል ብዙም አይከፍቱም። በቴሌግራም ግሩፓቸው እየተቆራረጠ እንደሚዞር አወቅን፤ ስለዚህ አንቀጾቹን አሳጠርን፣ ሙሉውንም አትመን የመሣሪያ ክፍሉ በር ላይ ለጠፍነው።

በዚያ ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጋዘኑ ሞላ። ስለ ደሞዝ የጠየቀ አልነበረም፤ ጽሑፉ መልሶታል። በተለያየ አነጋገር ሦስት ጊዜ የመጣው አንድ ጥያቄ ነበር፦ የድሮ ደንበኛ በእጅ ስልክ ከደወለስ? ኢሜይላችን የቀረውን ነው እንጂ ቴክኒሺያኑ ሲደወልለት ምን እንደሚል አልተናገረም። በማግስቱ ጠዋት ሁለት መስመር ተጨማሪ ላክን፦ ስልኩን አንሱ፣ የመቀበያውን ቁጥር ስጡ፣ ደንበኛው እናንተኑ ከፈለገ መቀበያው ስማችሁን ይመዘግባል።

ከኋላ የቆመ ከሁሉም አንጋፋ የሆነው ቴክኒሺያን፣ ሁላችንም ጋሼ የምንለው፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ቀጠለ። «እሺ ሥራውስ ይመዝገብ። ሰውዬው ቡና ሲጋብዘኝስ?»

ሥራ አስኪያጁ ሳቀ። «ቡናው አይመዘገብም ጋሼ።»