የሚቀደድ ምስልና የሚዘገይ ተኩስ፦ ተለዋዋጭ ሪፍሬሽ ሬት የት ደረሰ?

ለዓመታት በተኩስ ጌሞች ዘንድ ለጀማሪ የሚሰጠው የመጀመሪያ ምክር ሲንክ የሚል ስም ያለውን ነገር ሁሉ አጥፋ የሚል ነበር። ምስሉ ቢቀደድም ይቀደድ፣ ዋናው ነገር ማውሱ ሳይዘገይ መታዘዙ ነው ይባላል። ዛሬ ግን የካውንተር ስትራይክ 2 ሠሪው ቫልቭ ራሱ፣ ተስማሚ ካርድና ሞኒተር ላላቸው ተጫዋቾች ጂ-ሲንክን፣ ቪ-ሲንክንና ሪፍሌክስን ሦስቱንም አብረው እንዲያበሩ ይመክራል። ኤንቪዲያ ደግሞ በጥር 2024 (እ.ኤ.አ.) ፑልሳርን አስተዋውቋል። እስከዚያ ድረስ የሞኒተሩን መብራት በየፍሬሙ ብልጭ እያደረጉ ብዥታን ማጥፋትና ተለዋዋጭ ሪፍሬሽ ሬት እምብዛም አብረው አይሄዱም ነበር፤ ፑልሳር ሁለቱን ያጣምራል። የአቋም ለውጡ ብዙ ተጫዋቾችን ያደናገረው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከሦስቱ አንዱ፣ ቪ-ሲንክ፣ በዘገምተኝነቱ የታወቀው ጠላት ነውና። የዚህ ዳሰሳ አቋም ይህ ነው፦ ተለዋዋጭ ሪፍሬሽ ሬት በራሱ ይህ ነው የሚባል መዘግየት አይጨምርም። መዘግየቱ የሚመጣው የፍሬሙ ፍጥነት የሞኒተሩን ጣሪያ ሲነካ ነው፤ ስለዚህ የማስተካከሉ ሥራ በአብዛኛው የጣሪያ ጉዳይ ነው።

ሞኒተር ምስልን በአንድ ጊዜ አያሳይም፤ ከላይ ወደ ታች መስመር በመስመር ይስለዋል። 240 ኸርዝ ያለው ሞኒተር አንዱን ምስል ስሎ ለመጨረስ 4.2 ሚሊሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። ግራፊክስ ካርዱ በዚህ መሐል አዲስ ፍሬም ካቀበለው የስክሪኑ ላይኛው ክፍል የቀድሞውን፣ ታችኛው ክፍል አዲሱን ምስል ይይዛል፤ በፍጥነት ሲዞሩ የበር መቃን ወይም የጠላት ገላ ለሁለት ተቆርጦ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው። የድሮው መፍትሔ ቪ-ሲንክ ፍሬሙ ሞኒተሩ ስሎ እስኪጨርስ እንዲጠብቅ ያስገድዳል። ሰዓቱን ጠብቆ እንደሚነሳ አውቶቡስ ነው፤ ተለዋዋጩ ሪፍሬሽ ሬት ግን ሲሞላ እንደሚነሳ ታክሲ፣ ፍሬሙ ሲደርስ ሞኒተሩ ይነሳል። አሠራሩ ቀላል ነው፤ በሁለት ምስሎች መካከል ያለችው የእረፍት ጊዜ አዲሱ ፍሬም እስኪመጣ ትራዘማለች፣ ሲመጣ ግን ስዕሉ በሞኒተሩ ሙሉ ፍጥነት ይወርዳል። በዚህም የተነሳ በሰከንድ 180 ፍሬም የሚያወጣ ኮምፒውተር ከ240 ኸርዝ ሞኒተር ጋር ሲሠራ፣ ፍሬሙ ከተጠናቀቀ በኋላ ኢላማው ያለበት የስክሪኑ መሐል ላይ ለመድረስ 2 ሚሊሰከንድ ገደማ ይበቃዋል። ሲንክ በሌለበት፣ ምስሉ እየተቀደደ ቢሆን ኖሮም አማካዩ ያው በሆነ ነበር።

የዘርፉ ታሪክ አጭር ነው። ኤንቪዲያ ጂ-ሲንክን በጥቅምት 2013 ሲያስተዋውቅ በሞኒተሩ ውስጥ የራሱን ቺፕ ይጠይቅ ነበር። ቬሳ የተባለው የደረጃ አውጪዎች ማኅበር በ2014 አዳፕቲቭ-ሲንክን የዲስፕሌይፖርት አካል አደረገው፤ የኤኤምዲ ፍሪሲንክም በዚያ ላይ ቆመ። በጥር 2019 ኤንቪዲያ ለእነዚሁ ሞኒተሮች በሩን ሲከፍት የሁለቱ ወገን ፉክክር ለገዢው ትርጉሙን አጣ። የኮንሶሎቹንና የኤችዲኤምአይ 2.1ን ቅርንጫፍ እዚህ አልፈዋለሁ። ፍሬም ከሞኒተሩ ወለል በታች ሲወርድ አንዱን ምስል ደጋግሞ የሚያሳየውን ዘዴም እንዲሁ፤ በ40 ፍሬም የተኩስ ጌም የሚጫወት ሰው ከሲንክ በፊት የሚያስተካክለው ሌላ ብዙ ነገር አለው።

ጣሪያው ላይ ግን መቆየት ያስፈልጋል። ፍሬሙ 240 ሲደርስ ተለዋዋጩ ሪፍሬሽ ሬት የሚያራዝመው የእረፍት ጊዜ አይኖረውም። ያኔ ከሁለት አንዱ ይሆናል፦ ቪ-ሲንክ ከጠፋ ምስሉ እንደ ድሮው ይቀደዳል፤ ከበራ ደግሞ ፍሬሞቹ ይሰለፋሉ፣ ማውሱም እንደ ድሮው ይከብዳል። ብለር በስተርስ የተባለው የሞኒተር መሞከሪያ ድረ ገጽ በ2017 በፈጣን ካሜራ እየለካ ያሳየው ይህንን ነበር። ከዚያ የተወሰደው ምክርም ዘርፉን ለዓመታት ገዛ፦ ጂ-ሲንክን አብራ፣ ቪ-ሲንክን በካርዱ መቆጣጠሪያ ላይ አብራ፣ ፍሬሙን ግን ከሪፍሬሽ ሬቱ ቢያንስ በ3 ዝቅ አድርገህ ገድበው። ቪ-ሲንክ መብራቱ የሚያስደነግጠው ሰው አንድ ነገር ይስታል። ገደቡ ፍሬሙን ከጣሪያው በታች ካቆየው የቪ-ሲንክ ሰልፍ አይፈጠርም። ሥራው ከአማካዩ ቀድሞ ድንገት ብቅ ያለን ፍሬም ለቅጽበት መያዝ ብቻ ይሆናል፤ ባይዘው ኖሮ ቅዳዱ የስክሪኑ ታችኛው ጠርዝ ላይ ይታያል።

ከዚህ ምክር ውስጥ ያረጀው ‹‹በ3 ዝቅ አድርግ›› የሚለው ነው። በ144 ኸርዝ ላይ 141 ፍሬም ማለት በእያንዳንዱ ፍሬም 0.15 ሚሊሰከንድ ያህል ትርፍ ጊዜ ነው። በ240 ላይ 237 ብንል ትርፉ ወደ 0.05 ይወርዳል፣ በ360 ላይ ደግሞ ወደ 0.02። ቁጥሩ አንድ ሆኖ ሳለ ከጣሪያው ያለው ርቀት እየጠበበ ይሄዳል ማለት ነው። የትኛውም ጌም ፍሬሞቹን በዚህ ያህል ጥራት እኩል አያወጣምና፣ አንዳንዶቹ ጣሪያውን መምታታቸው አይቀርም። ኤንቪዲያ በመስከረም 2020 ያወጣው ሪፍሌክስ፣ ጂ-ሲንክና ቪ-ሲንክ አብረውት ሲበሩ ገደቡን ራሱ ይጥላል፤ የሚጥላቸው ቁጥሮችም ከዚህ ስሌት ጋር ይገጥማሉ፦ ሪፍሬሽ ሬቱን በራሱ አባዝቶ ለ3600 ማካፈል፣ ውጤቱን ከሪፍሬሽ ሬቱ መቀነስ። ለ144 ኸርዝ 138፣ ለ240 ኸርዝ 224፣ ለ360 ኸርዝ 324 ይወጣል። በሦስቱም ትርፉ ከ0.3 ሚሊሰከንድ ብዙ አይርቅም። ሪፍሌክስ የሌለው ጌም ላይ ይህንኑ ቁጥር በእጅ ማስገባት ከ3ቱ ደንብ ይሻላል፤ ገደቡም በተቻለ መጠን የጌሙ የራሱ ይሁን። ጌሙ ማውሱን ከማንበቡ በፊት መጠበቅ ይችላል፤ ከውጭ የሚገድቡ ፕሮግራሞች ግን የጌሙን ውስጥ ስለማያዩ ማውሱ ከተነበበ በኋላ ሊያስጠብቁና እስከ አንድ ፍሬም ሊያዘገዩ ይችላሉ።

በካውንተር ስትራይክ 2፣ በ240 ኸርዝ ሞኒተርና በኤንቪዲያ ካርድ ላይ ሥራው እንዲህ ይሄዳል። በመጀመሪያ በሞኒተሩ በራሱ ሜኑ ውስጥ አዳፕቲቭ-ሲንክ ይበራል፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል፣ በአንዳንድ ሞኒተር ላይ ከፋብሪካ የሚመጣው ጠፍቶ ነውና። ቀጥሎ በዊንዶውስ የዲስፕሌይ ቅንብር ውስጥ ሪፍሬሽ ሬቱ በእርግጥ 240 ላይ መሆኑ ይታያል። ከዚያ በካርዱ መቆጣጠሪያ ውስጥ ጂ-ሲንክ ይበራል፣ `Vertical sync` የሚለውም `On` ይደረጋል። ጌሙ ውስጥ ሪፍሌክስ ይበራና የጌሙ የራሱ ገደብ በኮንሶሉ ይነሳል፦

```
fps_max 0
```

መሥራቱ የሚታወቀው በቁጥሩ ነው። ኮምፒውተሩ አቅም ካለው የፍሬም ቆጣሪው 224 አካባቢ ይቆማል። 240 ላይ ተቸንክሮ ከቆየ ሪፍሌክስ አልሠራም፣ ያለነውም በድሮው ቪ-ሲንክ ላይ ነው። 300 ከደረሰ ቪ-ሲንኩ አልበራም። የሞኒተሩ ሜኑ የሚያሳየው ሪፍሬሽ ሬትም ከፍሬሙ ጋር ከፍ ዝቅ ማለት አለበት፤ 240 ላይ ደርቆ ከቀረ ተለዋዋጩ ሪፍሬሽ ሬት ጭራሽ አልተነሳም።

የኤኤምዲ ተጠቃሚ በፍሪሲንክና በእጅ በተጣለ ገደብ ተመሳሳይ ቦታ ይደርሳል። የመዘግየት ቅነሳው መንገድ ግን እዚያ ጠመዝማዛ ነበር። በጥቅምት 2023 ወደ ካውንተር ስትራይክ 2 የመጣው አንቲ-ላግ+ የጌሙን ፋይሎች አሠራር ከውጭ እየነካ ስለነበር፣ ቫልቭ ቴክኖሎጂውን የሚጠቀሙ ተጫዋቾች እንደ አጭበርባሪ ተቆጥረው እንደሚታገዱ አስጠነቀቀ። ኤኤምዲም ድራይቨሩን አነሳው። ተተኪው አንቲ-ላግ 2 እንደ ሪፍሌክስ ሁሉ በጌሙ ሠሪ እጅ ወደ ውስጥ የሚገባ ሆነ።

ከሁሉም የሚከብደው ተቃውሞ ይህ ነው፦ ኮምፒውተሬ 500 ፍሬም ማውጣት ሲችል 224 ላይ ማሰር ፍጥነትን መጣል አይደለም ወይ? ነው፤ ግን ምን ያህል እንደሆነ ይሰላ። በ500 ፍሬም አንድ ፍሬም 2 ሚሊሰከንድ ነው፣ በ224 ደግሞ 4.5 ገደማ። የማውሱ ጠቅታ ቀጣዩ ፍሬም እስኪያነበው በአማካይ የአንድ ፍሬም ግማሽ ይጠብቃል፤ ማለትም በመጀመሪያው 1፣ በሁለተኛው 2.2 ሚሊሰከንድ። ፍሬሙን መሥራትና እስከ ስክሪኑ መሐል መሳል በሁለቱም እኩል ነው ብንል ልዩነቱ 1.2 ሚሊሰከንድ ያህል ነው። ይህም የሚሆነው ካርዱ በ500 ፍሬም ሳይጨናነቅ ሲሠራ ነው። ካርዱ ሙሉ በሙሉ ከተጠመደና ሪፍሌክስ ከጠፋ ፍሬሞች ተራ መያዝ ይጀምራሉ፤ አንድ ፍሬም ብቻ ቢሰለፍ 2 ሚሊሰከንድ ይጨመራልና ትርፉ ወደ ኪሳራ ይዞራል። ያለ ገደብ መሮጥ ፈጣን ነው የሚለው እምነት ትክክል የሚሆነው እንግዲህ ካርዱ ትርፍ አቅም ሲኖረው፣ ወይም ሪፍሌክስ ተራውን ባዶ ሲያደርግለት ነው። ያኔም ቢሆን የሚገኘው 1.2 ሚሊሰከንድ የሚከፈለው በተቀደደ ምስልና ወጥ ባልሆነ እንቅስቃሴ ነው። የሚንቀሳቀስን ጠላት በዓይን ለመከተል ወጥነቱ ይበልጣል ባይ ነኝ፤ ለሽልማት የሚወዳደር ሰው በተቃራኒው ቢመርጥ ግን ስሌቱ አያሳፍረውም።

ይኸው ስሌት ክርክሬ የት እንደሚያበቃም ያሳያል። በ75 ኸርዝ ሞኒተር ላይ ገደቡ 73 ይሆናል፤ 400 ፍሬም የሚያወጣ ኮምፒውተር እዚያ ላይ ሲታሰር በአማካይ 5.6 ሚሊሰከንድ ያጣል፣ በጠቅታ ፍጥነት ለሚፎካከር ሰውም ይህ ትንሽ አይደለም። የእንዲህ ዓይነቱ ሞኒተር ባለቤት ሁሉንም ሲንክ አጥፍቶ ቅዳዱን ቢታገሥ ትክክል ነው፤ የድሮው ምክርም የተወለደው እንዲህ ባሉ ሞኒተሮች ዘመን ነበር። በ144 ኸርዝ የዚሁ ኮምፒውተር ኪሳራ ከ2.5 ሚሊሰከንድ አይበልጥም፣ ኮምፒውተሩ 138 ፍሬም የማያልፍ ከሆነ ደግሞ ምንም የሚጠፋ ነገር የለም። በ480 ኸርዝ ገደቡ 416 ነው፤ ሙሉ ምስሉ በ2.1 ሚሊሰከንድ ስለሚሳል ቅዳዱም፣ ገደቡ የሚያስከፍለውም አብረው ያንሳሉ። እዚያ ላይ የሚያስቸግረው ሌላ ነው፤ አንዳንድ የኦሌድ ሞኒተሮች ፍሬሙ ሲዋዥቅ በጨለማ ቦታዎች ላይ ብርሃናቸው ይርገበገባል። ፍሬሙ ኮምፒውተሩ ብዙውን ጊዜ ሊጠብቀው በሚችለው ዝቅ ያለ ቁጥር ላይ መገደቡ መርገብገቡን ይቀንሳል፤ የሚያስከፍለውም ከላይ የተሰላው ዓይነት ጥቂት ሚሊሰከንድ ነው።