ሠርግ የጠፋበት ሰመር

ለማሳያ እንዲሆን አንድ ካሜራማን እንውሰድ። ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ ይኖራል፤ የሐበሻ ሠርግ፣ ክርስትናና ምረቃ እየቀረጸ ያድራል። ገቢው በሁለት ቀን መቁጠሪያ ነው የሚገዛው። የሥራው ወቅት የሚመራው በቤተ ክርስቲያን ቀን መቁጠሪያ ነው። ጥር ላይ ሠርግ ይበዛል፣ ሁዳዴ ሲገባ ስልኩ ይቀዘቅዛል፣ ፋሲካ ሲያልፍ ደግሞ ቅዳሜና እሁዱ ይሞላል። ታክሱ ግን በአይአርኤስ ቀን መቁጠሪያ ይሄዳል፤ አይአርኤስ ደግሞ ጾም አያውቅም።

ይህ ሰው ቼክ ሲሰጡት ታክስ የሚቀንስለት አሠሪ የለውም። የሙሽራው ወንድም 1,800 ዶላር በዜል ሲልክለት 1,800ው እንዳለ ይገባል። የአሜሪካ ሕግ ግን ታክስ ገቢው በተገኘበት ጊዜ እንጂ በዓመቱ መጨረሻ ብቻ እንዲከፈል አይፈቅድም። ስለዚህ በዓመቱ ቢያንስ 1,000 ዶላር ታክስ ይደርስብኛል ብሎ የሚያስብ የግል ሠራተኛ በአራት ጊዜ ግምታዊ ክፍያ ማስገባት አለበት። ቀኖቹ ኤፕሪል 15፣ ጁን 15፣ ሴፕቴምበር 15 እና የሚቀጥለው ዓመት ጃንዋሪ 15 ናቸው።

እነዚህን «ሩብ ዓመት» ብሎ መጥራት ብዙ ሰው ያሳስታል፤ እኩል ሩብ አይደሉምና። የመጀመሪያው ክፍያ የሦስት ወር ገቢን ይመለከታል። ሁለተኛው ኤፕሪልንና ሜይን ብቻ፣ ማለትም ሁለት ወር ነው። ሦስተኛው ከጁን እስከ ኦገስት ሲሄድ፣ የመጨረሻው ከሴፕቴምበር እስከ ዲሴምበር አራት ወር ሙሉ ይይዛል። ገቢውን በሦስት በሦስት ወር እየከፈለ የሚመዘግብ ሰው ሴፕቴምበር ላይ የተሳሳተ ደብተር ከፍቶ ይቀመጣል።

ካሜራማኑ በ2024 ወጪው ተቀንሶ 50,500 ዶላር አተረፈ። ያላገባ ስለሆነ የዚያ ዓመት ጠቅላላ የፌዴራል ታክሱ 10,000 ዶላር ገደማ መጣ። ከዚህ ውስጥ 7,135ው የገቢ ታክስ አይደለም። ሶሻል ሴኩሪቲና ሜዲኬር ነው፤ ተቀጣሪ ቢሆን ኖሮ ግማሹን አሠሪው ይከፍልለት ነበር። ለራሱ የሚሠራ ሰው የሁለቱንም ድርሻ፣ 15.3 በመቶውን፣ ብቻውን ይሸከማል።

በ2025 ስንት እንደሚያገኝ አያውቅም። ሕጉም እንዲያውቅ አያስገድደውም። ያለፈውን ዓመት ታክስ ሙሉ በሙሉ፣ በአራት እኩል ከፍሎ በየቀኑ ካስገባ፣ በዓመቱ ሚሊዮን ዶላር ቢያገኝ እንኳ ቅጣት የለበትም። ያለፈው ዓመት ገቢው ከ150,000 ዶላር በላይ የነበረ ሰው ግን 100 ሳይሆን 110 በመቶ መክፈል አለበት። ስለዚህ ካሜራማኑ ኤፕሪል 15 ላይ 2,500፣ ጁን 15 ላይ 2,500 ከፈለ። እስከ ሜይ መጨረሻ ድረስ ያተረፈው 19,000 ዶላር ስለነበር ነገሩ ሁሉ በመስመር ላይ ያለ ይመስል ነበር።

ጁን ውስጥ ከአንድ አዳራሽ ደረጃ ላይ ካሜራውን እንደያዘ ወደቀ። ካሜራው ተረፈ፤ የቀኝ አንጓው ተሰበረ። ጂፕሱ እስኪፈታና እጁ እስኪለምድ ሰመሩ አለቀ። የያዛቸውን ሠርጎች ለጓደኞቹ አስተላለፈ፤ ቀብድ የተቀበለባቸውን መለሰ። ከጁን እስከ ኦገስት፣ ሌላ ጊዜ 18,000 ገደማ በሚያገኝበት ወቅት፣ የቀረችው ትርፍ 2,000 ዶላር ብቻ ሆነች። ሴፕቴምበር 15 ደግሞ መጣ። በፍሪጁ በር ላይ የለጠፈው ወረቀት «2,500» ይላል፤ ባንክ ያለው ገንዘብ ግን ኪራይ እንኳ በቅጡ አይከፍልም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ከሁለት አንዱን ያደርጋል። ወይ ቅጣቱን ፈርቶ በክሬዲት ካርድ ይከፍላል፣ ወይ «ምንም አላገኘሁም» ብሎ ወረቀቱን ቀዶ ይጥላል። ሁለቱም ስሌት ሳይሠሩ የሚወሰዱ እርምጃዎች ናቸው። ስሌቱ ደግሞ አንድ ምሽት የሚፈጅ ነው።

ያለፈው ዓመት ታክስ መጠለያ እንጂ ግዴታ አይደለም። ሕጉ የሚጠይቀው ከሁለቱ ያነሰውን ነው፤ ያለፈውን ዓመት ሙሉ ታክስ ወይም የዘንድሮውን 90 በመቶ። ዓመቱ ጥሩ ሲሆን ያለፈው ዓመት ይከልላል፣ ዓመቱ ሲበላሽ የዘንድሮው 90 በመቶ ያነሰ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ካሜራማኑ ሴፕቴምበር ላይ ሊጠይቅ የሚገባው ጥያቄ «2,500ውን ከየት ላምጣ» የሚል አይደለም፤ «እስካሁን ባገኘሁት ልክ ስንት መክፈል ነበረብኝ» የሚል ነው።

እስከ ኦገስት 31 ያተረፈው በጠቅላላ 21,000 ነው። ስምንት ወር የዓመቱ ሁለት ሦስተኛ ስለሆነ፣ ዓመቱ በዚሁ ቢቀጥል ምን ይሆናል ለማለት በ1.5 ይባዛል፤ 31,500 ይመጣል። ለ31,500 ዶላር ትርፍ የ2025ቱ ታክስ፣ መደበኛው የ15,750 ቅናሽና የአነስተኛ ንግድ ቅናሹ ገብቶ፣ ወደ 5,530 ዶላር ነው። በዚህ የስሌት መንገድ እስከ ሴፕቴምበር 15 መግባት ያለበት የዚህ 67.5 በመቶ ነው፤ 3,735 ገደማ። እሱ ደግሞ በሁለቱ ክፍያዎች 5,000 አስገብቷል።

የሴፕቴምበሩ ዕዳው ዜሮ ነው ማለት ነው።

ታዲያ ትርፍ የከፈለውን አሁን መልሱልኝ ማለት አይችልም። ግለሰብ ያስገባው ግምታዊ ክፍያ የሚመለሰው የዓመቱ ታክስ ሪተርን ከተሞላ በኋላ ነው፤ እስከዚያ እዚያው ተቀምጦ የሚቀጥለውን ክፍያ ይሸፍናል። በችግር ሰዓት ከአቅም በላይ አስቀድሞ መክፈል ጉዳት የሚኖረውም ለዚህ ነው።

ቀሪው ጥያቄ የዓመቱ መጨረሻ ነው። እጁ ዳነ፤ ሴፕቴምበር ላይ የአዲስ ዓመት ዝግጅት፣ ከዚያ የተላለፉ ሠርጎች መጡ። ሁለት መንገድ እንይ። በመጀመሪያው ከሴፕቴምበር እስከ ዲሴምበር 16,000 አተረፈ እንበል፤ ዓመቱ በ37,000 ተዘጋ። ታክሱ 6,780 ያህል ይሆናል፤ 90 በመቶው 6,100። ያስገባው 5,000 ስለሆነ ጃንዋሪ 15 ላይ 1,100 ቢጨምር ነፃ ነው። ሴፕቴምበርን መዝለሉም በተራው የአራት እኩል ክፍያ ሕግ ሳይቀር ጥፋት አይሆንም፤ የ6,100 ሦስት አራተኛ 4,575 ነውና። ልዩ ፎርም እንኳ አያስፈልገውም።

በሁለተኛው መንገድ ሥራው በአንዴ ገነፈለ፤ በአራቱ ወር 30,000 አተረፈና ዓመቱ በ51,000 ተዘጋ። ታክሱ እንደገና 10,000 ገደማ ደረሰ፤ 90 በመቶው 9,000። አይአርኤስ ሌላ ነገር ካልተነገረው ይህን ለአራት እኩል ይከፍለዋል። ገንዘቡ ዓመቱን ሙሉ እኩል የገባ አድርጎ ስለሚገምት፣ ሴፕቴምበር 15 ላይ 6,750 መግባት ነበረበት፣ 1,750 ጎድሏል ይላል። ሰውየው ግን በዚያ ቀን ያንን ገንዘብ ገና አላገኘውም ነበር።

ፎርም 2210 ላይ ያለው ስኬጁል ኤአይ የተሠራው ለዚህ ነው። በአራቱ ጊዜያት በትክክል የገባውን ትርፍ ለየብቻ ይጽፍበታል፤ ፎርሙ ከላይ ያየነውን የማባዛት ስሌት ለእያንዳንዱ ቀን ይሠራል፤ የሴፕቴምበሩ ጉድለት ይጠፋል። ከሪተርኑ ጋር አብሮ መግባት አለበት፤ መጥፎውን ወቅት ብቻ መርጦ መጠቀምም አይቻልም፣ አራቱም ጊዜያት መሞላት አለባቸው። የካሜራማኑ ሁለት የመጀመሪያ ክፍያዎች በዚህ ስሌት ከሚጠበቀው በላይ ስለነበሩ ችግር የለበትም። የሚያስቸግረው ወጪውን በቀን ያልመዘገበ ሰው ነው፤ ሌንስ የገዛው ሜይ 30 ይሁን ጁን 2 የማያውቅ ሰው ይህን ፎርም በሐቅ ሊሞላው አይችልም።

ፎርሙን ባይሞላስ? ቅጣቱ በጎደለው ገንዘብ ላይ የሚታሰብ ወለድ ነው፤ በ2025 መጠኑ በዓመት 7 በመቶ ነበር። 1,750 ዶላር ከሴፕቴምበር 15 እስከ ጃንዋሪ 15፣ አራት ወር፣ ሲዘገይ ቅጣቱ ወደ 41 ዶላር ይመጣል። አርባ አንድ ዶላር! በዚህ ፍርሃት በክሬዲት ካርድ 2,500 የሚከፍል ሰው ለካርዱ በወለድ ከዚያ በላይ ሊሰጥ ይችላል። እርግጥ ዓመቱን ሙሉ ምንም ሳይከፍሉ መቅረት ሌላ ነገር ነው፤ ቅጣቱ ከኤፕሪል ጀምሮ ይቆጥራል፣ ሙሉ ዕዳውም በአንድ ቀን ይመጣል።

ባለትዳር ለሆኑ ደግሞ ብዙዎች የማያስተውሉት መውጫ አለ። ሚስት ሆስፒታል ተቀጥራ ትሠራለች እንበል፣ ሪተርኑንም አብረው ይሞላሉ። ኦክቶበር ላይ ደብልዩ ፎር የሚባለውን ፎርም ቀይራ ከደሞዟ ተጨማሪ ታክስ እንዲቆረጥ ብታደርግ፣ የተቆረጠው ገንዘብ ዓመቱን ሙሉ እኩል እንደገባ ይቆጠራል። ዲሴምበር ላይ የተቆረጠ ዶላር የኤፕሪልን ጉድለት ሳይቀር ይሸፍናል። ባል በራሱ የሚልከው ክፍያ ግን የሚቆጠረው ከላከበት ቀን ጀምሮ ብቻ ነው።

ወደ ካሜራማናችን እንመለስና፣ በሁለተኛው መንገድ ጃንዋሪ 15፣ 2026 ላይ 4,005 ዶላር መክፈል አለበት። በአይአርኤስ ድረ ገጽ Direct Pay ላይ ሲገባ ምክንያቱን Estimated Tax ብሎ ይመርጣል፤ ዓመቱን ሲጠየቅ ግን ጣት የሚሳሳተው እዚህ ነው። ቀኑ 2026 ቢሆንም ክፍያው የ2025 ነው። 2026 ብሎ ቢመርጥ ገንዘቡ ለሚቀጥለው ዓመት ይያዝና የ2025 ሒሳቡ ጎዶሎ ሆኖ ደብዳቤ ይመጣበታል። ሪተርኑን እስከ ጃንዋሪ 31 ሞልቶ ሙሉ ዕዳውን መክፈል ከቻለ የጃንዋሪ 15ቱን ክፍያ መተው ይችላል። ቨርጂኒያም የራሷን ግምታዊ ክፍያ ትጠይቃለች፤ የእሷ የመጀመሪያ ቀን ሜይ 1 ስለሆነ ከፌዴራሉ ጋር መምታታት የለበትም።

ኤፕሪል 15፣ 2026 ላይ የ2025 ቀሪ ዕዳና የ2026 የመጀመሪያ ክፍያ በአንድ ቀን ይገጣጠማሉ። ዓመቱ የተዘጋው በመጀመሪያው መንገድ፣ በ37,000 ከሆነ፣ የአዲሱ ዓመት መጠለያው የተሰበረው ሰመር ታክስ፣ 6,780 ይሆናል። ለአራት ሲከፈል 1,695 ነው። በ2026 ሠርጉ እንደ ድሮው ቢበዛና ትርፉ ወደ 50,000 ቢመለስ እንኳ፣ በየክፍያው ይህን እያስገባ ቅጣት ሳይነካው ዓመቱን ይዘልቃል፤ ልዩነቱን ግን ለ2027 ኤፕሪል ለብቻው በሌላ አካውንት ማስቀመጥ ይኖርበታል።