ከስላይዱ ጋር አብሮ የሚላከው

እ.ኤ.አ. በማርች 2006 መጀመሪያ ላይ ጎግል የአክሲዮን ገበያ ተንታኞችን ጠርቶ ስለ ሥራው ገለጻ ሰጠ። የገለጻው ስላይዶችም በኩባንያው ድረ ገጽ ላይ ተለጠፉ። የተለጠፈው ግን የፓወርፖይንቱ ፋይል ራሱ ስለነበር፣ በየስላይዱ ሥር ለተናጋሪዎቹ የተጻፈው ማስታወሻ ሁሉ አብሮ ወጣ። አንዱ ማስታወሻ የማስታወቂያ ገቢው ከ6 ቢሊዮን ወደ 9.5 ቢሊዮን ዶላር ያድጋል ይላል። ጎግል በዚያን ጊዜ ለባለሀብቶች የገቢ ትንበያ ያለመስጠት አቋም ነበረው። ሌላው ማስታወሻ ደግሞ ገና ለሕዝብ ያልተነገረ «ጂድራይቭ» የተባለ የፋይል ማከማቻ ጠቅሶ ነበር።

ማንም ሰብሮ አልገባም። ፋይሉን ያወረደ ሰው ከስላይዱ በታች ያለውን ቦታ ማየት ብቻ በቂው ነበር። ኩባንያው ፋይሉን አንሥቶ ማስታወሻ በሌለው ፒዲኤፍ ተካው፤ ለአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪም ማስታወሻዎቹ ለፋይናንስ ዕቅድ የተዘጋጁ እንዳልሆኑና እንደ ትንበያ መወሰድ እንደሌለባቸው የሚገልጽ ሰነድ አስገባ። ጎግል ድራይቭ በይፋ የተዋወቀው ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በ2012 ነው።

እንዲህ ያለው ነገር የሚደርሰው ፋይሉ ሲከፈት የሚታየው አንድ ነገር፣ ሲላክ የሚሄደው ግን ብዙ ስለሆነ ነው። ስሙ በ .pptx የሚያልቅ ፋይል እንደ ጆንያ በርካታ ትንንሽ ፋይሎችን የያዘ የዚፕ ጥቅል ነው። የፋይሉን ቅጂ ወስዶ የስሙን መጨረሻ ከ .pptx ወደ .zip ቀይሮ የከፈተ ሰው ውስጡን ያያል። ppt/notesSlides በሚለው ፎልደር ውስጥ የተናጋሪው ማስታወሻ፣ ppt/comments ውስጥ ባልደረቦች የተጻጻፉት አስተያየት ይገኛል። docProps/core.xml የጸሐፊውን ስም፣ መጨረሻ ያስተካከለውን ሰው እና ፋይሉ የተፈጠረበትን ቀን ይይዛል። አስተያየቱ «ተፈትቷል» ተብሎ ምልክት ቢደረግበትም ከፋይሉ አይወጣም፤ ከነጸሐፊው ስምና ከነሰዓቱ እዚያው አለ።

አንድ የቢሮ ውስጥ ዲዛይን የሚሠራ ድርጅት ለአዲስ ደንበኛ ፕሮፖዛል ያዘጋጃል እንበል። ጊዜ ለመቆጠብ ሲባል ባለፈው ወር ለሌላ ድርጅት የተላከው ፕረዘንቴሽን ይከፈትና ስሙና ሎጎው ይቀየራል። የዋጋው ቻርት ከኤክሴል ተገልብጦ ይለጠፋል። ሥራ አስኪያጁ በስድስተኛው ስላይድ ላይ «እዚህ ከተከራከሩን እስከ 3.6 ሚሊዮን እንወርዳለን» የሚል አስተያየት ይጽፋል። ለደንበኛው የሚቀርበው ዋጋ 4.2 ሚሊዮን ብር ነው።

የተለመደው ጽዳት የሚጀምረው ቅጂ በማውጣት ነው፤ ይኼ እንዲሁ ለጥንቃቄ ብቻ የሚባል አይደለም። የፓወርፖይንቱ መርማሪ አንዴ ያጠፋውን መመለስ አይቻል ይሆናል፤ ገለጻውን የሚያቀርበው ሰው ደግሞ ማስታወሻውን ነገ ይፈልገዋል። በቅጂው ላይ File > Info > Check for Issues > Inspect Document የሚለውን መንገድ የተከተለ ሰው የሚመረመሩትን ነገሮች ዝርዝር ያገኛል፤ አስተያየት፣ የግል መረጃ፣ የተናጋሪ ማስታወሻ፣ በስላይዱ ላይ እንዳይታይ የተደረገ ነገር ይገኝበታል። ከስላይዱ ጠርዝ ውጭ ተገፍቶ የተቀመጠ ጽሑፍን የሚፈልገው Off-Slide Content ብዙ ጊዜ ምልክት ሳይደረግበት ስለሚገኝ፣ ራስን ችሎ መምረጥ ያስፈልጋል። Inspect ከተባለ በኋላ በየተገኘው ነገር አጠገብ Remove All የሚል ቁልፍ ይመጣል። የሥራ አስኪያጁ 3.6 ሚሊዮን እዚህ ላይ ይጠፋል።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ አቁሞ ፋይሉን ይልካል። ከባዱ ግን ገና አልተነካም።

ቻርቱ ከኤክሴል ሲለጠፍ የሥራ ደብተሩ አብሮ እንዲገባ ከተመረጠ፣ የሚገባው ቻርቱ የተሠራበት ሠንጠረዥ ብቻ አይደለም፤ ሙሉው የኤክሴል ፋይል ከነሌሎቹ ሺቶች ይገባል። በምሳሌው ፋይል ውስጥ የመጀመሪያው ሺት የደንበኛውን ዋጋ፣ ሁለተኛው ለአናጺውና ለኤሌክትሪሺያኑ የሚከፈለውን፣ ሦስተኛው የድርጅቱን ትርፍ ይዟል። ደንበኛው ቻርቱን በቀኝ ጠቅ አድርጎ Edit Data ቢል ሦስቱም ይከፈቱለታል። ጥቅሉን የከፈተ ሰው ደግሞ ያንኑ ደብተር ppt/embeddings ውስጥ ለብቻው ተቀምጦ ያገኘዋል። በማገናኛ ብቻ የተለጠፈ ቻርት ደብተሩን አያስገባም፤ ግን የፋይሉን አድራሻ ይዞ ይሄዳል፤ በዚያ አድራሻ ውስጥ የሠራተኛው ስም ወይም የሌላ ደንበኛ ፎልደር ሊነበብ ይችላል።

መርማሪው እንዲህ ያለ የተከተተ ሰነድ መኖሩን ቢጠቁም እንኳ ቻርቱን ሳያበላሽ ሊያወጣው አይችልም። መፍትሔው በእጅ ነው፤ ቻርቱን ኮፒ ማድረግ፣ Ctrl+Alt+V ብሎ እንደ ሥዕል መለጠፍ፣ ከዚያም ዋናውን ቻርት ማጥፋት።

ፎቶም ሌላ ቀዳዳ አለው። ከስክሪን የተነሣ ሥዕል ተቆርጦ የሚታየው ክፍል ብቻ ቢቀር፣ የተቆረጠው ክፍል ከፋይሉ አልወጣም፤ ተቀባዩ Crop ብሎ ወደ ቦታው ሊመልሰው ይችላል። ሥዕሉን መርጦ Compress Pictures ውስጥ Delete cropped areas of pictures የሚለውን ማስደረግ ያስፈልጋል። ቁጥርን በነጭ ሳጥን መሸፈንም አይሠራም፤ ሳጥኑ ይነሣል። እንዳይታይ የተደረገ ስላይድም መርማሪው የሚያጠፋው ነገር ስላልሆነ፣ በስላይዶቹ ዝርዝር ውስጥ ቁጥራቸው የተሰረዘባቸውን ፈልጎ ማውጣት የላኪው ድርሻ ነው።

ታዲያ ሁሉንም ወደ ፒዲኤፍ ቀይሮ መገላገል አይቻልም? አብዛኛውን ይገላግላል። የቻርቱ ደብተር አይሄድም፤ ማስታወሻውም ካልታዘዘ በቀር አይታተምም። ሆኖም ፒዲኤፍ ሲወጣ Options ውስጥ የተደበቁ ስላይዶችንና የሰነዱን መግለጫ ማካተት የሚሉ ምርጫዎች አሉ። የሰነዱ መግለጫ ርዕስን ይጨምራል። ፋይሉ ከባለፈው ወር ፕሮፖዛል የተወለደ ከሆነ ርዕሱ የቀድሞውን ደንበኛ ስም እንደያዘ ሊቀር ይችላል፤ አዲሱ ደንበኛ ፒዲኤፉን በብራውዘር ሲከፍተው ከላይ በትሩ ላይ የሚያነበው የተፎካካሪውን ስም ይሆናል። ፕሮፖዛሉ ልክ ነው፣ ዋጋው ልክ ነው፣ የመጀመሪያው የሚታየው ነገር ግን የሌላ ሰው ስም! ይህን Info ገጽ ላይ Title የሚለውን በማስተካከል ወይም ፒዲኤፉ ሲወጣ መግለጫውን ባለማካተት ማስቀረት ይቻላል።

አንዳንድ ደንበኛ ግን ፒዲኤፍ አይቀበልም፤ ስላይዱን ለአለቆቹ በራሱ መልክ ማቅረብ፣ ቁጥሩንም ራሱ መለወጥ ይፈልጋል። ያኔ ቻርቱን ሥዕል ማድረግ አይጠቅምም። የተሻለው አዲስ ባዶ የኤክሴል ፋይል ከፍቶ ደንበኛው ሊያያቸው የሚገቡትን ጥቂት ቁጥሮች ብቻ ያለ ቀመር በእጅ መጻፍና ቻርቱን ከዚያ መሥራት ነው። ከመላኩ በፊት የፋይሉን ቅጂ ወደ .zip ቀይሮ ppt/embeddings ውስጥ ያለውን ደብተር መክፈት፣ ያ ደብተር አንድ ሺት ብቻ እንዳለው ማየት ሁለት ደቂቃም አይፈጅም።