ክቡ ለምን እንቁላል ይሆናል? የሥዕል ታብሌት አጀማመር

ስክሪን የሌለውን የሥዕል ታብሌት ዩኤስቢ ላይ ሲሰኩት ጠቋሚው ብዙ ጊዜ ወዲያው ይንቀሳቀሳል። ጀማሪው «ሠራ!» ብሎ መሣል ይጀምራል። ኮምፒዩተሩ ግን ገና እንደ ተራ ማውዝ ቆጥሮት ሊሆን ይችላል። ብዕሩን ጫን ቢያደርጉትም ቢያቀሉትም መስመሩ አይወፍርም፣ አይቀጥንም።

የብዙዎቹ ታብሌቶች ብዕር ባትሪ የለውም። ከሰሌዳው ሥር የተዘረጉት ሽቦዎች ደካማ መግነጢሳዊ ሞገድ ይለቃሉ፤ ብዕሩ ውስጥ ያለው ጥቅል ሽቦ ከዚያው ኃይል ወስዶ ምላሽ ይሰጣል። ሰሌዳው ከምላሹ ብዕሩ የት እንዳለና ጫፉ ምን ያህል እንደተጫነ ያነባል። ይህንን ንባብ ለሥዕል ፕሮግራሙ የሚያደርሰው ድራይቨሩ ነው።

ድራይቨሩን ከአምራቹ ድረ ገጽ ያውርዱ፤ የሞዴሉ ቁጥር በታብሌቱ ጀርባ ተጽፏል። ኮምፒዩተሩ ላይ የሌላ ታብሌት ድራይቨር ካለ መጀመሪያ እሱን አጥፍተው ኮምፒዩተሩን ዘግተው ይክፈቱ። የሁለት አምራቾች ድራይቨሮች አንድ ኮምፒዩተር ላይ ብዙ ጊዜ አይስማሙም፤ ውጤቱም ግፊት የማይሰማ ብዕር ነው። ማክ ላይ ደግሞ Privacy & Security ገብቶ በ Accessibility ሥር ለድራይቨሩ ፈቃድ መስጠት ያስፈልጋል።

እጅ የሚታማው ግን በአብዛኛው ከዚህ በኋላ በሚመጣው ነገር፣ በሥፍራ ማዛመድ ነው። የሰሌዳው እያንዳንዱ ነጥብ የስክሪኑ የአንድ ቦታ ወኪል ነው፤ የሰሌዳው ቀኝ ጥግ የስክሪኑ ቀኝ ጥግ ነው። ችግሩ የሁለቱ ቅርጽ አለመመሳሰሉ ላይ ነው። የሥዕል ቦታው 152 በ95 ሚሊ ሜትር የሆነ ትንሽ ታብሌት እንውሰድ፤ ስክሪኑ 1920 በ1080 ፒክስል ይሁን። አፉ 60 ሚሊ ሜትር የሆነ የቡና ሲኒ ሰሌዳው ላይ ደፍተው ዙሪያውን በብዕሩ ይሣሉ። ስክሪኑ ላይ የሚወጣው ቅርጽ ወርዱ 758፣ ቁመቱ 682 ፒክስል ያህል ነው። ክቡ በጎን ተለጥጧል፤ ጥፋቱም የእጅ አይደለም። ላፕቶፑ ላይ ሁለተኛ ስክሪን ተሰክቶ ታብሌቱ ለሁለቱም ከተዘረጋ ደግሞ ወርዱ እጥፍ ይሆናል፤ ያኔ እንቁላል ብሎ መጥራትም ያንሰዋል።

መፍትሔው ድራይቨሩ ውስጥ አለ። ታብሌቱን ለአንድ ስክሪን ብቻ ይመድቡት፤ ከዚያ Force Proportions የሚለውን (ስሙ ከአምራች አምራች ይለያያል) ይምረጡ። በምሳሌያችን ከ95 ሚሊ ሜትሩ ቁመት 85.5ቱ ብቻ ሥራ ላይ ይውላል፤ የቀረው ጠርዝ ዝም ይላል። ለዚህ መቆጨት አያስፈልግም። ሲኒውን እንደገና ቢዞሩት ወርዱም ቁመቱም 758 ይሆናል። እዚያው ገጽ ላይ የብዕር ስልትና የማውዝ ስልት የሚል ምርጫ ካለ የብዕሩ መመረጡን ይዩ፤ ማውዙ ከተመረጠ ብዕሩን አንሥተው ሌላ ቦታ ሲያሳርፉት ጠቋሚው ካለበት አይንቀሳቀስም።

በትንሽ ታብሌት ትልቅ ስክሪን መያዝ ሌላ ዋጋ አለው። ስክሪኑ 53 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ካለው፣ እጅ አንድ ሴንቲ ሜትር ስትሄድ ጠቋሚው ሦስት ተኩል ይሄዳል፤ የእጅ መንቀጥቀጥም አብሮ ይጎላል። ስለዚህ ሥፍራውን ከዚህ በላይ ማጥበብ ለሥዕል አይመከርም።

ወደ ግፊቱ እንምጣ። ካርቶኑ ላይ 8192 ደረጃ ተብሎ የሚጻፈው ቁጥር የሚያጓጓውን ያህል አይጠቅምም። ለእጅ የሚታወቀው የግፊት መስመሩ፣ ማለትም ስንት ተጭነው ስንት ውፍረት እንደሚያገኙ ነው። ክሪታ በነፃ የሚገኝ ፕሮግራም ስለሆነ በእሱ እንሞክር። Basic-5 Size የሚለውን ብሩሽ ይምረጡና ከቀላል ግፊት ጀምረው እየጨመሩ ረጅም መስመር ያስምሩ። መስመሩ ገና ከመነሻው ወፍሮ ከቀረ እጅዎ ከባድ ነው፤ ድራይቨሩ ውስጥ የጫፉን ስሜት ወደ Firm ይግፉት። ሙሉ ውፍረት ለማግኘት ጣት እስኪደክም መጫን ካስፈለገ ደግሞ ወደ Soft ነው። አንድ ጊዜ ትንሽ ብቻ ይግፉና ያንኑ መስመር ደግመው ይሞክሩ።

ውፍረቱ ጨርሶ ካልተለወጠ ጥፋቱን በየተራ ይፈልጉ። መጀመሪያ ድራይቨሩ ውስጥ ባለው የግፊት መሞከሪያ ላይ ብዕሩን ይጫኑ። እዚያ አመልካቹ ካልተንቀሳቀሰ ችግሩ ከብዕሩ ወይም ከድራይቨሩ ነው። እዚያ ተንቀሳቅሶ ክሪታ ላይ ካልሠራ ግን ችግሩ ፕሮግራሙ ድራይቨሩን በሚሰማበት መንገድ ላይ ነው፤ ዊንዶውስ ላይ ሁለት መንገዶች አሉ፣ WinTab እና Windows Ink። Configure Krita ውስጥ Tablet settings ገብተው አንዱን በሌላው ይተኩ፤ ድራይቨሩ ውስጥ Windows Ink የሚል ምልክት ካለም ከመረጡት ጋር መስማማቱን ይዩ፤ ከዚያ ክሪታን ዘግተው ይክፈቱ።