ጀሪካኑ ከፎቶው ሲጠፋ እድፍ እንዳይተካው

የምረቃ ፎቶ ነው። ተመራቂዋ ጥቁር ጋዋን ለብሳ ቆማለች። ከኋላዋ የቆርቆሮ አጥር ይታያል፤ ከአጥሩ ሥር ደግሞ ፎቶው ሲነሳ ማንም ልብ ያላለው ቢጫ ጀሪካን ተቀምጧል። እሱን ለማጥፋት ኮምፒውተርም ክፍያም አያስፈልግም። የጉግል የሆነው ስናፕሲድ በነፃ የሚወርድ ሲሆን በአንድሮይድም በአይፎንም ይሠራል፤ አንዴ ከወረደ በኋላም ይህን ሥራ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል።

አጠቃቀሙ ቀላል ነው። ፎቶውን ይክፈቱ፤ Tools የሚለውን ነክተው Healing የሚለውን ይምረጡ፤ ከዚያ ጀሪካኑን በጣትዎ ይቀቡት። የቀቡት ቦታ ቀይ ይሆናል፤ ጣትዎን ሲያነሱ ጀሪካኑ ይጠፋል። ብዙ ጊዜ ግን በቦታው የተጨማለቀ ነገር ይተካል፦ የቆርቆሮው ሽንትር መሃል ላይ ይቆረጣል፣ የመሬቱ አፈር ወደ አጥሩ ይወጣል፣ በዙሪያው ቢጫ ጥላሸት ይቀራል።

ይህ የሚሆነው መሣሪያው ከጀሪካኑ ጀርባ ምን እንዳለ ስለማያውቅ ነው። ካሜራው ያላየውን እሱም አያየውም። የሚያደርገው እንደ ልብስ ጠጋኝ ነው፤ ከአጠገቡ ካለው ቦታ የሚመሳሰለውን ወስዶ ክፍተቱን ይደፍናል። ስለዚህ ሰማይ ወይም ሣር ላይ ያለ ትንሽ ነገር ያለ ችግር ይጠፋል፤ ዙሪያው ሁሉ አንድ ዓይነት ነውና። ጀሪካኑ ግን ግማሹ ቆርቆሮ ላይ፣ ግማሹ አፈር ላይ ነው። አንዴ በሰፊው ሲቀባ መሣሪያው ሁለቱን ያደባልቃቸዋል።

ሲጨማለቅ ብዙዎቻችን የምናደርገው እዚያው ላይ ደጋግሞ መቀባት ነው። ይህ ነገሩን ያብሰዋል፤ መሣሪያው አሁን የሚወስደው ከራሱ ከተበላሸው ጥጋን ስለሆነ ቦታው እየደበዘዘ ይሄዳል። የሚሻለው ከታች ባለው የመመለሻ ቀስት ወደ ኋላ መመለስና እንደገና መጀመር ነው።

አሁን ፎቶውን በሁለት ጣት ያጉሉት። ስናፕሲድ ላይ የብሩሹ መጠን ስክሪኑ ላይ አይለወጥም፤ ስለዚህ ፎቶው በጎላ ቁጥር የሚቀባው ቦታ ይጠባል። ጀሪካኑን በአንድ ጊዜ ሳይሆን ከፋፍለው ያጥፉት። መጀመሪያ ቆርቆሮው ላይ ያረፈውን የላይኛውን ክፍል፣ በሽንትሩ አቅጣጫ ከላይ ወደ ታች በአጫጭር ቅብ ያንሱት። ቀጥሎ አፈሩ ላይ ያለውን የታችኛውን ክፍል ያጥፉ። አጥሩና መሬቱ የሚገናኙበትን መስመር መጨረሻ ላይ ይሥሩት፤ በዚያን ጊዜ ከላይም ከታችም ንጹሕ ቦታ ስላለ መሣሪያው የሚወስደው ትክክለኛ ነገር ያገኛል።

ሁለት ነገሮች ግን አይዘንጉ። አንደኛ፣ ከጀሪካኑ ጠርዝ ትንሽ አልፈው ይቀቡ። ቀጭን ቢጫ ጠርዝ ከቀረ የሚቀጥለው ቅብ ያንኑ ቢጫ ወስዶ ያሰራጨዋል፤ አብዛኛው ጥላሸት የሚመጣውም ከዚህ ነው። ሁለተኛ፣ ጥላውንም አብረው ያጥፉ። ጀሪካኑ ሄዶ ጥላው መሬት ላይ ከቀረ ተመልካች የጎደለ ነገር እንዳለ ወዲያው ያውቃል።

ጀሪካኑ ጋዋኑን የሚነካ ከሆነ ጥቁሩ ጨርቅ ወደ ቆርቆሮው ይፈስሳል። እዚያ ጋ በጣም አጉልተው፣ ጋዋኑን ሳይነኩ በነጥብ በነጥብ ይሥሩ። ከሰው ፊት ወይም ጣት ጀርባ ያለ ነገር ግን በዚህ መሣሪያ አይሞከር፤ ፊት ከተጣመመ የሚያስተካክለው የለም። እንዲህ ያለው ነገር ከፎቶው ጫፍ አጠገብ ከሆነ ቆርጦ ማውጣት ከሁሉም ይበልጣል።

የፎቶው ጥራትም ወሳኝ ነው። በቴሌግራም እንደ ተራ ፎቶ የተላከ ምስል ታምቆ ስለሚመጣ ከመነሻው የደበዘዘ ነው፤ ጥጋኑም ይብሳል። ያነሳው ሰው እንደ ፋይል አድርጎ ዋናውን እንዲልክልዎ ይጠይቁ።

ነገሩ ሰፊ ከሆነ፣ ለምሳሌ ከኋላ የቆመ መኪና፣ የጉግል ፎቶስ Magic Eraser ይሞከራል። በ2021 ለፒክስል ስልኮች ብቻ ወጥቶ ነበር፤ ከግንቦት 2024 ጀምሮ ግን አቅሙ ለሚፈቅድ ሌላ ስልክም በነፃ ተከፍቷል። እሱም ቢሆን ከመኪናው ጀርባ የነበረውን አያውቅም፤ የሚሞላው በግምት ነው።

ሥራው ሲያልቅ ፎቶውን ሁለት ጊዜ ይዩት። አጉልተው የሽንትሩን መስመር ከላይ እስከ ታች በዓይንዎ ይከተሉ፤ ከዚያ አሳንሰው በሙሉ ይመልከቱት። ሲጎላ ብቻ የሚታየውን እንከን ይተዉት፤ አሳንሰው ሲያዩትም ዓይን የሚይዝ ከሆነ ግን ያንኑ ክፍል መልሰው ይሥሩ። ቅጂውን ሲያስቀምጡም ዋናውን ፎቶ አያጥፉ።