ከቪዲዮ ውስጥ አንዲት ጥርት ያለች ፎቶ

ልጅዎ የልደት ሻማውን ሲያጠፋ የቀረጹት ቪዲዮ አለ እንበል። ከዚያ ውስጥ አንዷን ቅጽበት አሳትመው ሳሎን ሊሰቅሉ ይፈልጋሉ።

መጀመሪያ ዋናውን ቪዲዮ ከተቀረጸበት ስልክ ላይ ያግኙ። በዋትስአፕ የተላከልዎ ቅጂ በአብዛኛው ተጨምቆ ስለሚደርስ ፊት ላይ ትንንሽ አራት ማዕዘኖች ይታያሉ። ቪዲዮውን ኮምፒውተር ላይ በVLC ከፍተው ያቁሙት። የE ቁልፍን በተጫኑ ቁጥር አንድ ምስል ብቻ ወደፊት ይሄዳል። የወደዷት ላይ ሲደርሱ Shift እና Sን አንድ ላይ ይጫኑ፤ ምስሉ በሙሉ መጠኑ ይቀመጣል። የስልክ ስክሪንሾት ግን የሚይዘው በስክሪኑ መጠን ነው።

የትኛዋን ይምረጡ? ክፍሉ ደብዘዝ ካለ ካሜራው ለእያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚሰበስብበት ጊዜ ይረዝማል፤ በዚያች ጊዜ የተንቀሳቀሰ ሁሉ ይደበዝዛል። ስለዚህ እፍ ሲል ሳይሆን ጉንጩን ነፍቶ ለአፍታ ቆም ያለባትን ይፈልጉ። ኬኩ ጥርት ብሎ ልጁ ብቻ ከደበዘዘ የተንቀሳቀሰው እሱ ነው፤ ጥቂት ምስሎች ወደፊት ይሞክሩ። ሁሉም ነገር ወደ አንድ አቅጣጫ ከተሳበ ግን የተንቀጠቀጠው የያዘው እጅ ነው።

የህትመቱም መጠን ወሰን አለው። 1080p ቪዲዮ ጥርት ብሎ የሚታተመው 16 በ9 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ 4K ደግሞ በየጎኑ የዚያን እጥፍ ይሰጣል። ለሚቀጥለው ልደት ስልክዎን 4K ላይ ያድርጉት፤ መብራቱንም ሻማው እስኪጠፋ አያጥፉት።